ሄድፎኑ ከቲቪው ምስል ወደኋላ ይቀራል፣ ማታ ማታ ደግሞ ይቆራረጣል

የቆጪ ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ፣ ቆጪ ነው። እናቴ ጆሮዋ ከደከመ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ቲቪው ጎረቤት እስኪሰማ ካልጮኸ አይሰማትም። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የኔ ጆሮም አይሰማ። ልጄ የምትተኛው እዚያው ሳሎን ጥግ ነው። ስለዚህ ባለፈው ወር ለእማዬ የብሉቱዝ ሄድፎን ገዛሁላት፤ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን።

ቲቪው 43 ኢንች አንድሮይድ ነው፣ ብሉቱዝ አለው። የዲሹ ሪሲቨር በኤችዲኤምአይ ገመድ ተሰክቷል። ችግሩ ሁለት ነው።

አንደኛው፣ በዲሽ ዜና ስታይ ድምፁ የሚመጣው አንባቢው አፉን ካንቀሳቀሰ በኋላ ነው። እማዬ ግማሹን የምትረዳው ከንፈር እያየች ነው። «የሚለውና አፉ አይገናኝም» ትልና ሄድፎኑን ታወልቀዋለች። የገረመኝ ግን እዚያው ቲቪ ላይ ዩቲዩብ ስከፍትላት ምንም መዘግየት የለም።

ሁለተኛው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ድምፁ ይቆራረጣል። ቀን ቀን ደህና ነው። ሄድፎኑ ነው የተበላሸው ወይስ ቲቪው? መመለስ ካለብኝ ሻጩ የሰጠኝ ጊዜ እየሄደ ነው።

---

ኳስ ወዳጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡58

እህቴ ይሄ ቀላል ነው። የቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ግቢና የድምፅ ክፍሉን ክፈቺ። `Audio Delay` የሚል ታገኛለሽ። እኔ 100 ላይ አድርጌው ተስተካክሎልኛል። ድምፁና ምስሉ ሳይገናኝ ሲቀር መድኃኒቱ እሱ ነው።

---

ሦስተኛ ዓመት · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡10

እኔም በጣም ያስቸግረኛል! ስልኬ ላይ ጌም ስጫወት ጥይቱን ከተኮስኩ በኋላ ነው ድምፁ የሚሰማኝ። ኢርፎኑን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ እንደገና ኮኔክት አድርጌዋለሁ። ስልኩን ሪሴት ላድርገው እያልኩ ነው። አንቺስ ስልክሽ ምንድን ነው?

---

የቆጪ ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡25

ወንድሜ፣ የኔ ስልክ አይደለም፣ ቲቪ ነው።

@ኳስ ወዳጅ አመሰግናለሁ። ያልከውን አገኘሁት፣ 0 ላይ ነበር። 100 ላይ አደረግኩት። እማዬ ግን «ጭራሽ ባሰ» አለችኝ። እኔም አድርጌ አየሁት፣ እውነቷን ነው።

---

የመርካቶው ጠጋኝ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

ደህና አደራችሁ። ሄርማታ መርካቶ ቲቪና ሪሲቨር እሠራለሁ። እህት፣ ሄድፎኑን አትመልሺው፤ የተበላሸ አይመስለኝም።

@ኳስ ወዳጅ ያልከው ሴቲንግ እውነተኛ ነው፤ የሚሠራው ግን ለተቃራኒው ችግር ነው። ያንተ ቲቪ ድምፁ ከምስሉ ቀድሞ ይመጣ ነበር ማለት ነው። ሴቲንጉ ድምፁን ያዝ አድርጎ ይለቀዋል። የእሷ ድምፅ ቀድሞውኑ ዘግይቷል። በዘገየው ላይ ሌላ መዘግየት ጨመርሽበት፣ ለዚህ ነው የባሰው። አሁኑኑ ወደ 0 መልሺው። ብዙ ቲቪ ላይ ከ0 በታች አይወርድም፤ ያልመጣን ድምፅ ማንም ሊያፈጥነው አይችልምና።

ለምን እንደሚዘገይ ላስረዳ። ብሉቱዝ ድምፁን እንዳለ አይልከውም። ቲቪው ያጭቀዋል፣ በትናንሽ እሽግ ይልከዋል፣ ሄድፎኑ ደግሞ ይፈታዋል። ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚበላው ግን የሄድፎኑ መጠባበቂያ ነው። ቤታችሁ ሮቶ ካለ ነገሩ ይገባሻል። ውሃ ሲሄድ ቧንቧው ቶሎ የማይደርቀው ሮቶው ስለያዘ ነው። ሄድፎኑም ትንሽ ሮቶ አለችው። አንድ እሽግ መንገድ ላይ ቢጠፋ ቲቪው ደግሞ እስኪልክለት ድረስ ከሮቶዋ ያጫውታል። ድምፅ ሮቶዋ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው መዘግየት ሆኖ የሚሰማሽ።

ስለዚህ ሁለቱ ችግሮችሽ የአንድ ነገር ሁለት ፊት ናቸው። ሮቶዋ ትልቅ ስትሆን ይዘገያል እንጂ አይቆራረጥም። ትንሽ ስትሆን ቶሎ ይደርሳል፤ የጠፋው እሽግ ከሮቶዋ በላይ ሲሆን ግን ድምፁ ይቋረጣል። በተራው ሄድፎን ይሄ ሁሉ ሲደመር ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ይደርሳል።

ዩቲዩቡ ለምን ደህና ሆነ? አፑ ቲቪው ውስጥ ስላለ ነው። ሄድፎኑ ምን ያህል እንደሚዘገይ ሲስተሙ ይነግረዋል፣ አፑም ምስሉን ያን ያህል ያቆየዋል። ከሪሲቨሩ የሚመጣው ምስል ግን ቀጥታ ያልፋል። ብዙ ቲቪዎች እሱን አያቆዩትም። ይቺ የጠቀስሻት ነገር ናት ሄድፎኑ ደህና መሆኑን የነገረችኝ።

አሁን ልክ እንወቅ፤ በግምት አንሥራ። ልጅሽ አምስት ጊዜ ስታጨበጭብ በስልክሽ ቅረጫትና ፍላሽ ላይ ጫኚው። ፍላሹን ሪሲቨሩ ላይ ሰኪ፤ ቲቪው ላይ አይደለም። መጀመሪያ በቲቪው ስፒከር አጫውቺና ስክሪኑን በስልክሽ ቅረጪ። ቀጥሎ በሄድፎን አጫውቺ፤ የሄድፎኑን ጆሮ የስልክሽ ማይክ ላይ ለጥፈሽ ደግመሽ ቅረጪ። ሁለቱን ቪዲዮ ድምፁን በሞገድ በሚያሳይ ማቀናበሪያ አፕ ክፈቺ። እጅ ከተጋጨበት ፍሬም እስከ ድምፁ ስንት ፍሬም እንዳለ ቁጠሪ። በሰከንድ 30 ፍሬም ከሆነ አንዱ 33 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ከሄድፎኑ ላይ የስፒከሩን ቀንሺ። ስልክሽ የራሱ ስህተት ቢኖረው በሁለቱም ላይ ስላለ ይሰረዛል።

ሌላም ልጠይቅሽ። ሪሲቨሩ የተሰካበት ኤችዲኤምአይ ላይ የምስሉ ዓይነት ምን ይላል? ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ የዋይፋይ ዶንግል አለ? ራውተራችሁ የት ነው? ሄድፎኑስ ከስልክሽ ጋር ተጣምሮ ያውቃል?

---

ጡረተኛው መምህር · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

ልጆቼ፣ ይህን ሁሉ ከምትደክሙ ባለገመድ ሄድፎንና አምስት ሜትር ማራዘሚያ ገዝታችሁ አትገላገሉም? እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። ገመድ ላይ መዘግየት የለም፣ መቆራረጥም የለም፣ ባትሪም አያልቅም።

---

የቆጪ ልጅ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡50

ጋሼ፣ ልክ ብለዋል። አስቤውም ነበር። ልጄ ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ ወለል ላይ ያለ ገመድ ሁሉ ይስባታል። እማዬም ማታ ስትነሳ እንዳትደናቀፍ እፈራለሁ።

@የመርካቶው ጠጋኝ ያልከውን ሁሉ አደረግኩ። በስፒከር 1 ፍሬም። በሄድፎን፣ 100 ላይ እያለ 10 ፍሬም። 0 ላይ ስመልሰው 7። እንግዲህ 1 ስቀንስ ከ9 ወደ 6 ወረደ ማለት ነው።

ኤችዲኤምአዩ ላይ ምስሉ `Game` ይላል። የወንድሜ ልጅ ጌሙን አምጥቶ እዚያ ሰክቶ ነበር፣ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ዶንግል አለ፣ ሪሲቨሩ ከቲቪው ጀርባ ስለሆነ ዶንግሉም እዚያው ነው። ራውተሩ ከቲቪው አጠገብ ቡፌው ላይ ነው። ሄድፎኑን መጀመሪያ የሞከርኩት በስልኬ ነበር።

---

የመርካቶው ጠጋኝ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

ጥሩ ለክተሻል። 9 ፍሬም 300 ሚሊሰከንድ ነው፣ 6 ፍሬም ደግሞ 200። ልዩነታቸው 100 ነው፤ ያው የጨመርሽው ቁጥር።

አሁን `Game` የሚለውን ወደ `Standard` ቀይሪው። ቲቪ ምስልን ለማሳመር ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። የጌሙ ዓይነት ያን ማሳመር ይተወዋል፣ ምስሉ ይፈጥናል። ለተጫዋች ጥሩ ነው። ላንቺ ግን ምስሉ በፈጠነ ቁጥር ሄድፎኑ ይበልጥ ወደኋላ ይቀራል። ምስሉ ዘግየት ቢል ለእናትሽ ይሻላታል። ይሄ በሁሉም ቲቪ አይሠራም። ለሄድፎኑ የሚልከውንም ድምፅ ከምስሉ እኩል የሚያቆይ ቲቪ አለ፤ ያኔ ቁጥሩ አይለወጥም። ቀይረሽ ደግመሽ ለኪ።

ስለ መቆራረጡ ደግሞ። ብሉቱዝ የሚሠራው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። ዋይፋይም፣ ራውተርሽ 5 ጊጋኸርዝ ካልሆነ፣ እዚያው ነው። ብሉቱዝ በ79 ጠባብ መስመሮች ላይ በሰከንድ 1600 ጊዜ እየዘለለ ይሠራል፣ የተያዘውንም መስመር መዝለል ይችላል። አንድ ዋይፋይ ከእነዚያ ሃያ ያህሉን ይይዛል። ራውተር፣ ዶንግልና የቲቪው የራሱ ዋይፋይ አንድ ቦታ ሲሰባሰቡ፣ ማታ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ሲከፍት፣ መሸሻ ያጣል። ዶንግሉ ደግሞ ከቲቪው ብሉቱዝ አንቴና ስንዝር የማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ጆሮህ ሥር እየጮኸ ካለ ሰው አጠገብ ሆነህ ከክፍሉ ማዶ የሚያንሾካሹክ ሰው ለመስማት እንደመሞከር ነው።

ሁሉንም በአንዴ አትንኪ። በአንድ ምሽት አንድ ነገር ብቻ። ዛሬ የቲቪውን ዋይፋይ አጥፊና ዲሽ ታይ። ነገ ዋይፋዩን ክፈቺና ዶንግሉን ንቀዪ። በግማሽ ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚቆራረጥ ጻፊ።

---

ሦስተኛ ዓመት · ረቡዕ፣ ማታ 3፡55

አሁን ገባኝ፣ ቀድሜ ሳላነብ ነው የመለስኩት፣ ይቅርታ። ግን የዶንግሉ ነገር የኔን አስታወሰኝ። ላፕቶፔ ላይ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስሰካ ኢርፎኑ ይቆራረጣል፣ ስነቅለው ይተዋል። ይሄ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ለፊልም ደግሞ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። በቪኤልሲ ስታዩ ድምፁ ከዘገየ `J` ን መጫን ነው። አንድ ጊዜ ስትጫኑ ድምፁን 50 ሚሊሰከንድ ወደፊት ያመጣዋል። አራት ጊዜ ስጫን ልክ ይሆንልኛል።

---

የመርካቶው ጠጋኝ · ረቡዕ፣ ማታ 4፡15

ይገናኛል እንጂ። ዩኤስቢ 3 የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው መሰኪያ፣ ሲሠራ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ረብሻ ይለቃል። ገመዱ ርካሽ ሲሆን ይብሳል። ሃርድ ዲስኩን ኢርፎንህ ካለበት ጎን ወደ ሌላው ጎን ቀይር፣ ወይ ረዘም ባለ ደህና ገመድ አርቀው።

የቪኤልሲው ትክክል ነው። የሚሠራው ግን ፋይሉ እዚያው ማጫወቻ ውስጥ ስላለ ነው፤ የሚመጣውን ድምፅ አስቀድሞ አንብቦታል። ቀጥታ ከዲሽ ለሚመጣ እንዲህ የሚደረግ ነገር የለም።

---

የቆጪ ልጅ · ዓርብ፣ ማታ 4፡05

ውጤቱን ላምጣ።

ምስሉን ወደ `Standard` ቀየርኩ። ስፒከሩ 1፣ ሄድፎኑ 5። ልዩነቱ 4 ፍሬም ሆነ፣ ወደ 130 ሚሊሰከንድ። ለእማዬ ሳልነግራት ነው ያደረግኩት። ዜናውን እስከ መጨረሻው አየችው፣ አላወለቀችውም። ደስ አለኝ።

የመቆራረጡን በማስታወሻ ይዣለሁ። ምንም ሳልነካ በግማሽ ሰዓት 17 ጊዜ። የቲቪው ዋይፋይ ሲጠፋ 11። ዋይፋዩ በርቶ ዶንግሉ ሲነቀል 3። ዶንግሉን ማንም አይጠቀምበትም ነበር፣ ሪሲቨሩን የተከለልን ልጅ ሰክቶት የሄደ ነው። አሁን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሦስቱን ስከታተል ደግሞ ሁለቱ የተቆረጡት ስልኬ ላይ ቴሌግራም ድምፅ ሲያሰማ ነው። በስልኬ ድምፅ ልክ!

---

የመርካቶው ጠጋኝ · ዓርብ፣ ማታ 4፡30

ሄድፎኑ ከሁለት ነገር ጋር በአንዴ ይገናኛል ማለት ነው። ስልክሽ ሲጠራው ከቲቪው ይለቅና ወደሱ ይዞራል። ስልክሽ ላይ ሄድፎኑን `Forget` አድርጊው። ብሉቱዙን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ነገ ስትከፍቺው ተመልሶ ይገናኛል።

130 ላይ መድረስሽ ትልቅ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1998 ባወጣው ምክር ላይ፣ ተመልካች ድምፅ ከምስል መዘግየቱን ልብ የሚለው 125 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሲደርስ ነው ይላል። ድምፁ ሲቀድም ግን 45 ላይ ይነቃበታል። ያንቺ ድንበሩ ላይ ነው። ከንፈር ለሚያነብ ሰው ድንበሩ ይጠባል ብዬ እገምታለሁ፣ ስለዚህ የእናትሽ ፊት ነው ትክክለኛው ሚዛን።

---

ኳስ ወዳጅ · ዓርብ፣ ማታ 4፡50

የኔን ምክር ስላስተካከልክልኝ አመሰግናለሁ። አሁን ሄጄ አየሁት፣ የኔ ሳውንድ ባር በገመድ ነው፣ ልክ እንዳልከው ድምፁ ነበር የሚቀድመው።

ጥያቄ አለኝ። ዝቅተኛ መዘግየት ያለው የሚባል ትንሽ ትራንስሚተር ይሸጣል። ቲቪው ጀርባ ይሰካል ይላሉ። እሱን ብትገዛ የቀረውም አይጠፋም?

---

የመርካቶው ጠጋኝ · ዓርብ፣ ማታ 5፡10

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። አፕትኤክስ ሎው ሌተንሲ የሚባለው መንገድ መዘግየቱን ወደ 40 ሚሊሰከንድ ያወርዳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ትራንስሚተሩም ሄድፎኑም ሁለቱም ሊያውቁት ይገባል። አንዱ ብቻ ካወቀው ወደ ተራው መንገድ ይመለሳሉ፣ ምንም አትጠቀሚም። የሄድፎንሽን ካርቶን እዪው። `SBC` ወይም `AAC` ብቻ የሚል ከሆነ ትራንስሚተሩን ብቻ አትግዢ። ወይ ሁለቱን አብረው የሚሸጡትን፣ ወይ ይቅር።

ሮቶዋን አትርሱ። 40 የሚለው ትንሽ ሮቶ ነው። ዶንግሉን ሳትነቅል ገዝታው ቢሆን ኖሮ ሳይዘገይ ግን እየተቆራረጠ ያስመርራት ነበር።

ከገዛችሁ ደግሞ፣ በኦፕቲካል ገመድ ስትሰኩ የቲቪውን ዲጂታል ድምፅ `PCM` ላይ አድርጉት። ዶልቢ ላይ ከተተወ ብዙዎቹ ትራንስሚተሮች ስለማይፈቱት ዝም ይላሉ። ሁለት ሰው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ አምጥቶልኝ፣ ያን ብቻ ቀይሬ መልሻለሁ።

---

የቆጪ ልጅ · ዓርብ፣ ማታ 5፡25

ካርቶኑ `SBC, AAC` ነው የሚለው። አልገዛም እንግዲህ።

---

ጡረተኛው መምህር · ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡00

ቤተሰቡም እናንተም አንድ ላይ መስማት ብትፈልጉስ? እኔ ገመዱን ስሰካ ስፒከሩ ይጠፋል፤ ባለቤቴ ዝም ያለ ምስል ነው የምታየው።

---

የመርካቶው ጠጋኝ · ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡40

ጋሼ፣ አንዳንዱ ቲቪ ስፒከሩንም ሄድፎኑንም አብሮ የሚያሰማ ምርጫ አለው፤ የድምፅ ሴቲንጉ ውስጥ ይፈልጉት። የእርስዎ በገመድ ስለሆነ እኩል ይሄዳሉ። በብሉቱዝ ግን ስፒከሩ ይቀድማል። ሄድፎን ያደረገ ሰው ጆሮው ሙሉ ካልተሸፈነ ሁለት ጊዜ ይሰማዋል።

---

የቆጪ ልጅ · እሑድ፣ ማታ 4፡20

ሄድፎኑን ስልኬ ላይ `Forget` አደረግኩት። ትናንት ማታ አንድም ጊዜ አልተቆራረጠም። ዛሬ ግን ከባድ ዝናብ ነበር፣ እንደገና 6 ጊዜ ተቆረጠ። ዝናቡ ሲያባራ ተወው። ዶንግሉ ተነቅሏል፣ ስልኬም ሌላ ክፍል ነው ያለው። ዝናብ ብሉቱዝ ይረብሻል?

---

ኳስ ወዳጅ · እሑድ፣ ማታ 4፡35

ይረብሻል። ዲሹም እኮ በዝናብ ይጠፋል።

---

የመርካቶው ጠጋኝ · እሑድ፣ ማታ 5፡00

ዲሹ የሚቀበለው ከሰማይ ነው፣ ሞገዱም 11 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ ከባድ ዝናብ ያዳክመዋል። 2.4 ላይ፣ ቤት ውስጥ፣ ሦስት ሜትር ላይ ግን ዝናብ ምንም አያደርግም።

አንድ ነገር ለዪ፤ ዲሹ ራሱ ተቆራርጦ ከሆነ ምስሉም አብሮ ይሰባበራል። ምስሉ ደህና ሆኖ ድምፁ ብቻ ከተቆረጠ ብሉቱዙ ነው። ምስሉን አይተሽው ነበር?

---

የቆጪ ልጅ · እሑድ፣ ማታ 5፡10

ምስሉ ደህና ነበር። እርግጠኛ ነኝ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

ዝናብ ሲመጣ እማዬ ወንበሯን ከመስኮቱ አርቃ ወደ በሩ ታዞራለች። ያኔ በእሷና በቲቪው መሀል ያለው ቡፌው ነው፣ ራውተሩ ያለበት።

---

የመርካቶው ጠጋኝ · እሑድ፣ ማታ 5፡20

እንግዲያው ራውተሩን እጠረጥራለሁ፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። የሰው ገላም ይህን ሞገድ ስለሚውጥ፣ ጀርባዋን ለቲቪው ከሰጠች እሱም ይጨምራል። ራውተሩን ከቡፌው ላይ አንስተሽ ቢያንስ ሁለት ሜትር አርቂው። ሴቲንጉ ውስጥ `Channel Width` ን አይተሽ 40 ከሆነ 20 አድርጊው፣ ለብሉቱዙ ቦታ ይለቅለታል። ከዚያ ዝናብ ሳይኖርም ወንበሯን ወደ በሩ አዙሪና ቁጠሪ። በፀሐይም ከተቆረጠ ዝናቡ ነፃ ነው።

---

የቆጪ ልጅ · እሑድ፣ ማታ 5፡25

እሺ። ነገ ከሥራ ስመለስ ራውተሩን ሳልነካ መጀመሪያ ወንበሩን አዙሬ እቆጥራለሁ፣ ማክሰኞ ራውተሩን አነሳዋለሁ። ቁጥሩን እዚሁ እጽፋለሁ።